የአምልኮ አዳራሽ ለምትሠሩ፦ ስለ እይታ፣ ስለ ድምፅና ስለ በር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሕንፃ ኮሚቴዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ ሁሉ የሚያወሩት ስለ አንድ የአጥቢያ አዳራሽ ነው፤ ስፋቱ 26 በ18 ሜትር፣ ግድግዳው ልስን ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ 5 ሜትር ላይ ነው።

ይህ አዳራሽ ስንት ሰው ይይዛል?

በነጠላ ወንበር ለሚቀመጥ ጉባኤ ለአንድ ሰው 0.65 ካሬ ሜትር ገደማ ይታሰባል። ትናንሽ መተላለፊያዎች እዚህ ውስጥ አሉ። መድረክና ከፊቱ ያለው ባዶ ቦታ ግን የሉበትም። ወለሉ 468 ካሬ ነው። ዝም ብላችሁ ብታካፍሉት 720 ሰው ይወጣችኋል፤ ብዙ ኮሚቴ ለምእመናን የሚናገረውም ይህንኑ ቁጥር ነው። መድረኩ፣ የጸሎት ቦታው፣ ሰፋፊዎቹ መተላለፊያዎችና የበሩ አካባቢ ሲቀነስ የሚቀረው በአቀማመጡ ላይ ተመስርቶ ከ400 እስከ 490 ወንበር ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን ከማወጃችሁ በፊት ወንበሮቹን በወረቀት ላይ አንድ በአንድ ሳሉ። ለአንድ ወንበር 50 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ ከረድፍ ረድፍ 90 ሳንቲ ሜትር ያዙ። ከ90 በታች ከወረደ ዘግይቶ የመጣ ሰው ሲያልፍ ረድፉ ሁሉ ይነሣል።

መድረኩ በአጭሩ ግድግዳ በኩል ይሁን ወይስ በረጅሙ?

የለመድነው በአጭሩ በኩል ነው፤ ሕዝቡ ወደ ኋላ ይረዝማል። በዚህ አዳራሽ እንዲያ ሲሆን 19 ረድፍ ይገባና ወደ 490 ወንበር ይሆናል። የመጨረሻው ረድፍ ግን ከሰባኪው 20 ሜትር ይርቃል። መድረኩን በ26 ሜትሩ ግድግዳ መሐል ብታደርጉት 11 ረድፍ ብቻ ይበቃል። ከሁሉ የራቀው መሐለኛ ወንበርም 13 ሜትር ላይ ይሆናል።

ዋጋው ወንበር ነው። በረጅሙ በኩል 429 ያህል ይገባል። ከፊት በሁለቱ ጥግ ያሉት ደግሞ አንገት ስለሚያጣምሙ መነሣት አለባቸው፤ 400 ገደማ ይቀራል። የጎን ረድፎችን ወደ መድረኩ ዞር አድርጎ መደርደርም ግድ ነው። ኮሚቴው ውስጥ «90 ሰው ሜዳ ላይ ልንጥል ነው?» የሚል አይጠፋም። የእኔ ምርጫ ግን ያለማመንታት ረጅሙ ግድግዳ ነው። ከኋላ ተቀምጦ ጀርባ ሲያይ የሚውል ሰው በወንበር ቁጥር ይቆጠራል እንጂ ጉባኤው ውስጥ የለም። ቦታ ካነሰ ሁለተኛ ፕሮግራም መጀመር ይሻላል። መሐል ለመሐል የሚያልፈውን መተላለፊያ ደግሞ አትሰርዙት። ጥሩ ወንበር ይበላል፤ ግን ሙሽሮች በየት ይግቡ?

መድረኩ ምን ያህል ከፍ ይበል?

የተቀመጠ ሰው ዓይን ከወለል 1.15 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የፊተኛው ሰው አናት ከዓይኑ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ያንን አናት ለማለፍ እይታችሁ በየ90 ሳንቲ ሜትሩ 12 ሳንቲ ሜትር መውጣት አለበት። ወንበሮቹ ልክ በልክ ከተደረደሩ 13 ሜትር ላይ ያለ ሰው በፊቱ ባለው አናት ላይ አሻግሮ የሚያየው ከ2.88 ሜትር በላይ ያለውን ብቻ ነው። 1.70 የሚረዝም ሰባኪ 1 ሜትር መድረክ ላይ ቢቆም አናቱ 2.70 ላይ ያልቃል። ለዚህ ነው ሰው ሁሉ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ሲያጋድል የሚውለው።

መፍትሔው መድረኩን ሰማይ ማድረስ አይደለም። እያንዳንዱን ረድፍ በግማሽ ወንበር፣ ማለትም በ25 ሳንቲ ሜትር፣ ወደ ጎን ፈቀቅ አድርጉት። ያኔ በሁለት ሰዎች ትከሻ መካከል ታያላችሁ፤ ማለፍ ያለባችሁ ከሁለት ረድፍ በፊት ያለውን አናት ብቻ ነው። ከ13 ሜትር የሚታየው ወደ 2 ሜትር ይወርዳል። ሰባኪው ከወገቡ በላይ ታየ ማለት ነው። በ20 ሜትሩ አቀማመጥ ይኸው ዘዴ የሚያሳየው ከአገጩ በላይ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወንበሩን እያፈራረቃችሁ 1 ሜትር መድረክ ይበቃል። 1.50 ብታደርጉት እይታው ይጨምራል፤ ነገር ግን ከፊት ለጸሎት የተንበረከከ ሰው ግንብ ሥር ይቀራል። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ አገልጋይ የሚሠራው መወጣጫም ይረዝማል። በ1 ለ12 ተዳፋት 1 ሜትር ለመውጣት 12 ሜትር ያስፈልጋል፤ ለ1.50 ደግሞ 18 ሜትር።

የኋላውን ወለል ከፍ ብናደርገውስ?

የኋላውን አምስት ስድስት ረድፍ በአንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ከፍታ ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ስሕተት ነው። የእናንተ ዓይን 30 ሳንቲ ሜትር ሲወጣ የፊተኛችሁም አናት አብሮ 30 ይወጣል። የሚጠቀሙት ከፍታው ጠርዝ ላይ ያሉት አንድ ሁለት ረድፎች ብቻ ናቸው። የመጨረሻው ረድፍ እንዲያውም ከበፊቱ ይብስበታል።

የሚሠራው እያንዳንዱ ረድፍ ከፊተኛው ከፍ ሲል ነው። የመጨረሻዎቹን ሦስት ወይም አራት ረድፎች በየረድፉ 15 ሳንቲ ሜትር አድርጓቸው። ደረጃዎቹ ሁሉ እኩል ይሁኑ፤ አንዱ 15 ሌላው 18 ከሆነ በጨለማ የሚወጣ ሰው ይወድቃል። መተላለፊያው ላይ የደረጃውን ጠርዝ በሌላ ቀለም ቀቡት። ተሽከርካሪ ወንበርና ከዘራ ለያዙ አረጋውያን ደግሞ ከጠፍጣፋው ክፍል ቦታ ለዩላቸው። ያም ከጎን በሩ አጠገብ ቢሆን ይመረጣል።

ድምፁ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ለምን?

ድምፁ ማነስ ሳይሆን መቆየት ስለሆነ ችግሩ። ልስን ግድግዳና ሴራሚክ ወለል ድምፅን እንደ ኳስ ይመልሱታል። ከአፍ የወጣው ቃል አዳራሹ ውስጥ እየዞረ ሳለ ቀጣዩ ይደረብበታል። ቀድሞ የሚጠፋው ተነባቢው ነው፤ አጭርና ደካማ ነውና። መድረክ ላይ «ጠራ» የተባለው ከኋላ «ተራ» ይሆናል፣ «ቀዳ» የተባለው «ከዳ»።

በቁጥር እንየው። አንድ ድምፅ እስኪጠፋ የሚቆይበት ጊዜ በሰከንድ ሲሰላ የአዳራሹ ይዘት በ0.161 ተባዝቶ አዳራሹ ውስጥ ላለው ድምፅ የመምጠጥ አቅም ይካፈላል። የእኛ አዳራሽ ይዘት 2340 ሜትር ኩብ ነው። ባዶ ግድግዳው፣ ወለሉና የጂፕሰም ኮርኒሱ ተደምረው ወደ 46 አሃድ ይመጥጣሉ፤ አንድ አሃድ ማለት ድምፅን ሙሉ በሙሉ የሚውጥ አንድ ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሰው ከነልብሱ ብቻውን 0.45 ያህል ይመጥጣል። እሑድ 400 ሰው ሲሞላ ጊዜው 1.7 ሰከንድ ነው። ረቡዕ ለጸሎት 80 ሰው ሲመጣ ግን 4.6 ሰከንድ ይደርሳል። ለንግግር የምንፈልገው 1 ሰከንድ አካባቢ ነው። መዝሙር ትንሽ ረዘም ያለ ስለሚወድ 1.2 ጥሩ ማስማሚያ ነው። «እሑድ ደህና ነው፣ ረቡዕ ግን ያብዳል» የሚለው የተለመደ ቅሬታ ምንጩ ይኸው ነው። በሥራ ቀን ድምፅ የሚመጥጠው ሕዝብ የለም።

የትኛውን ግድግዳ እናልብሰው?

በመጀመሪያ ከሰባኪው ፊት ለፊት ያለውን የኋላ ግድግዳ። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው የሰባኪውን ድምፅ ከ4 ሜትር ይሰማል። ያው ድምፅ የኋላውን ግድግዳ መትቶ ሲመለስለት ደግሞ 26 ሜትር ተጉዟል። ልዩነቱ 22 ሜትር ነው። ከ17 ሜትር ካለፈ ጆሮ እንደ ሁለተኛ ድምፅ ይሰማዋል። ሰባኪው ራሱም የገዛ ቃሉ እየተመለሰበት ይደናቀፋል። ለምን ቀስ ብሎ እንደሚናገር ብትጠይቁት እሱም ላያውቀው ይችላል።

5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሮክ ዉል የተባለ የድንጋይ ሱፍ በእንጨት ፍሬም ተደርጎ አየር በሚያሳልፍ ጨርቅ ሲሸፈን፣ የሚነካውን የንግግር ድምፅ አብዛኛውን ይውጠዋል። 80 ካሬ በኋላ ግድግዳው፣ 30 ካሬ በጎን ግድግዳዎቹ ኋለኛ ክፍል ስቀሉ። ሲሞላ 1.7 የነበረው ወደ 1.2 ይወርዳል፤ የረቡዑ 4.6 ደግሞ ወደ 2.1። ከመድረኩ በላይና አጠገብ ያለውን ኮርኒስ ግን አታልብሱ። እዚያ ያለው ጠንካራ ገጽ ድምፁን ወደ ሕዝቡ የሚገፋ ወዳጅ ነው። ጨርቁን ደግሞ በዘይት ቀለም እንዳትቀቡት፤ ቀዳዳው ተደፈነ ማለት ሥራው ቆመ ማለት ነው። ስትገዙም እሳት የማይቀበል መሆኑን አረጋግጡ።

የእንቁላል ካርቶን፣ መጋረጃና ምንጣፍስ?

የእንቁላል ካርቶን ቀጭን ወረቀት ነው። ከላይ ያለውን ሲሲታ ትንሽ ይቀንሳል፣ ለንግግሩ ዋና ክፍል ምንም አያደርግም፣ እሳት ሲነካው ግን አዳራሹን ይዞ ይሄዳል። አይሞከር።

ወፍራም መጋረጃ፣ እጥፋቱ በዝቶ ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ሲሰቀል፣ ቁም ነገር ይሠራል። ምንጣፍ መድረክ ላይ የጫማና የእግር ድምፅ ያጠፋል፤ ለቀረው ግን ብዙ አትጠብቁበት።

ተጨማሪ ስፒከር ብንገዛ አይሻልም?

ማስተጋባቱ ሳይቀነስ ስፒከር መጨመር የተደበላለቀውን ድምፅ ከፍ አድርጎ ማሰማት ነው። ሚክሰሩ ላይ ያለው ልጅ «አልሰማንም» ሲሉት ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ ከዚያ ማይኩ ይጮኻል። እሱን ትወቅሱታላችሁ፤ ጥፋቱ የግድግዳው ነው።

ግድግዳው ከተስተካከለ በኋላ ለዚህ አዳራሽ ጥንድ ጥሩ ስፒከር ይበቃል። ከመድረኩ ጠርዝ ትንሽ ቀደም ብሎ ከፍ ተደርጎ ይሰቀል፤ አፉም ወደ መሐለኛውና ወደ ኋለኛው ረድፍ ዝቅ ይበል። ወደ ኋላ ግድግዳ ወይም ወደ ኮርኒስ መጮኽ የለበትም። ማይኩ ሁልጊዜ ከስፒከሮቹ ጀርባ ይሁን። ለኋላ ሰዎች ሌላ ስፒከር ከጨመራችሁ ደግሞ መዘግየት ማስገባት ያስፈልጋል። ድምፅ 1 ሜትር ለመጓዝ 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ሁለተኛው ስፒከር 10 ሜትር ወደ ኋላ ካለ 30 ሚሊ ሰከንድ ስጡት፤ በላዩ 10 ብትጨምሩለት ደግሞ ሰው ድምፁ ከመድረኩ የመጣ ይመስለዋል። ያለ መዘግየት ከተሠራ ከኋላ ያለው ሰው አንዱን «አሜን» ሁለቴ ይሰማዋል።

ክረምት ዝናብ ሲጥል ስብከቱ ይቆማል። ምን ይደረግ?

ቆርቆሮ እንደ ከበሮ ነው፤ የሚጮኸው ስለሚንቀጠቀጥ ነው። መጀመሪያ መንቀጥቀጡን አፍኑት። ጣሪያው ሲመታ ከቆርቆሮው ሥር ተጣብቆ የሚያርፍ የሱፍ ብርድ ልብስ መሰል ሽፋን ይነጠፍ። ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ ይህን ማስገባት ጣሪያ እንደ መንቀል ነው፤ ለዚህ ነው ከዲዛይኑ መጀመር ያለበት። ቀጥሎ ክብደት ያለው ኮርኒስ ይምጣ፦ ሁለት ድርብ ጂፕሰም፣ በላዩ የተነጠፈ ሱፍ፣ ከቆርቆሮው ጋር ሰፋ ያለ አየር። የአቡጀዲም ሆነ የቀጭን ፕላስቲክ ኮርኒስ ክብደት ስለሌለው ዝናቡን አያቆመውም።

ለመብራትና ለአየር ማስገቢያ የተቀደዱ ቀዳዳዎች ይህን ሁሉ ልፋት ሊያባክኑት ይችላሉ። ድምፅ እንደ ውኃ ነው፣ ክፍተት አይንቅም። ዳር ዳሩን በደንብ ድፈኑ።

ስንት በር ያስፈልጋል? የትስ ይሁን?

በብዙ አገር በሚሠራበት ሕግ ከ50 ሰው በላይ የሚሰበሰብበት አዳራሽ ቢያንስ ሁለት፣ ከ500 በላይ ሦስት፣ ከ1000 በላይ አራት መውጫ ይኖረዋል። የእናንተ ክፍለ ከተማ የሚጠይቀውን ከግንባታ ፈቃድ ክፍሉ ጠይቁ። ለ400 ሰው እኔ አራት አደርጋለሁ፦ በኋላ ግድግዳ ሁለት ባለ 1.80 ድርብ በር ከመተላለፊያዎቹ ፊት ለፊት፣ በሁለቱ አጫጭር ግድግዳዎች ላይ ወደ ፊት ቀረብ ብለው ሁለት ባለ 1.20። ድምሩ 6 ሜትር ነው። በ1 ሜትር ስፋት በደቂቃ 60 ሰው ያልፋል ብለን በቁጠባ ብናስብ አዳራሹ በ1 ደቂቃ ከምናምን ይወጣል። አንዱ ትልቅ በር በእሳት ቢዘጋ እንኳ ከ2 ደቂቃ አያልፍም።

በሩ ወደ ውጭ ይከፈት። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ሕዝብ ሲገፋው ለዘላለም ይዘጋል። በጸሎት ሰዓት «ሰው እንዳይረብሽ» ተብሎ የብረት በሩን መሸጎር የታወቀ ልማድ ነው፤ ይቅር። አስተናጋጅ በሩ ላይ ይቁም፣ ቁልፍ ግን አይኑር። ከውስጥ ሲገፉት የሚከፈት አግድም ብረት ያለው በር መግዛት ይሻላል። መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚበራ ባለባትሪ አምፖልም በየበሩ ላይ ይደረግ።

የመጀመሪያው ፕሮግራም ሲወጣ ሁለተኛው ይገባል፤ በር ላይ እንጣበቃለን። ምን እናድርግ?

ብዙ ጊዜ ችግሩ ከአዳራሹ በር ሳይሆን ከግቢው በር ይጀምራል። ትልቁ የላሜራ በር ለመኪና ብቻ ይከፈታል፤ ሰው የሚያልፈው በውስጡ ባለችው 80 ሳንቲ ሜትር ትንሽ በር ነው። በዚያው ስሌት 400 ሰው በዚያች በር ለማለፍ ከ8 ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። ከውጭ ደግሞ የሁለተኛው ፕሮግራም ሰው ቆሟል። ስለዚህ እሑድ ትልቁ በር ሙሉ በሙሉ ይከፈት፤ መኪና የሚገባው ከፕሮግራሙ በፊት ብቻ ይሁን። ከተቻለ መግቢያና መውጫውን በተለያየ የግቢ ጎን አድርጉት። ሰው በኋላ በሮች ይግባ፣ በጎን በሮች ይውጣ።

ሁለተኛው ነገር ሰላምታው ነው። አገራችን ሰው ተሰነባብቶ አይጨርስም፤ እሱን ልከለክል አልችልም፣ አልፈልግምም። ቦታ ግን ስጡት። ከጎን በሮቹ ፊት 3 ሜትር ስፋት ያለው በረንዳ ካለ ሰው በሩ አፍ ላይ ሳይሆን እልፍ ብሎ ይቆማል። አንዱን አጭር ግድግዳ ተከትሎ 18 ሜትር የሚረዝም በረንዳ 54 ካሬ ነው። በካሬ 2 ሰው ብንል በዝናብ ቀን ከ100 ሰው በላይ ያስጠልላል።

ሦስተኛው የሰንበት ትምህርት ቤት ክፍል ነው። ክፍሉ በመግቢያው በኩል ከሆነ ወላጆች ሁሉ ልጃቸውን ለመውሰድ የሚገባውን ሕዝብ እየሰነጠቁ ይሄዳሉ። በመውጫው በኩል ከሆነ ልጁ ራሱ መንገዳቸው ላይ ነው። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ፕላን ላይ ሁለት ክፍል ማቀያየር ነው። ሰዓቱንም አስቡበት። የመጀመሪያው 5 ሰዓት ላይ ካበቃ ሁለተኛው 5፡15 አይጀምር፤ ቢያንስ 5፡30 ይሁን።

በፋሲካና በኮንፈረንስ ቀን መተላለፊያው ላይ የፕላስቲክ ወንበር ብንጨምርስ?

አይሆንም። 1.40 መተላለፊያ ላይ አንድ ረድፍ ወንበር ከተደረደረ የሚቀረው አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ነው። ድንጋጤ ሲመጣ ደግሞ እነዚያው ወንበሮች ተገልብጠው እግር ይይዛሉ። ባዶ ቦታ ከተገኘ ከመድረኩ ፊት ሳይሆን በረንዳው ላይ ከስክሪንና ከትንሽ ስፒከር ጋር አስቀምጧቸው። ውስጥ ያሉትን ነጠላ ወንበሮችም በአራት በአራት በፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩ፤ ረድፉ ከመስመሩ አይወጣም፣ በግማሽ ወንበር ያፈራረቃችሁትም አይበላሽም።

አዳራሹ ተሠርቶ አልቋል፣ ገንዘቡም አልቋል። ከምን እንጀምር?

ነፃ ከሆነው። ወንበሮቹን በግማሽ አፈራርቋቸው፤ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃል። መሸጎሪያውን አንሡ፣ የግቢውን በር ክፈቱ። ከዚያ ረቡዕ ምሽት ይህን ሞክሩ። አንድ ሰው መድረክ ላይ ቆሞ ያለ ማይክ፣ ከዚያም በማይክ፣ እርስ በርስ የማይያያዙ ሃያ ቃላት ያንብብ፤ ጠራ፣ ተራ፣ ቀዳ፣ ከዳ ዓይነት። ከፊት፣ ከመሐልና ከኋላ የተቀመጡ የሰሙትን ይጻፉ። ጥቅስ አታስነብቡ፤ ጥቅሱን ሰው በልቡ ስለሚያውቀው ያልሰማውን ይሞላዋል።

ከኋላ ያሉት ብቻ ከተሳሳቱ ስፒከሩን አዙሩ፣ ዝቅ አድርጉት። ፊትም ኋላም እኩል ከተሳሳተ ችግሩ ማስተጋባት ነው፤ የመጀመሪያው ብር ለኋላ ግድግዳ ሮክ ዉል ይሂድ። በ20 ካሬ ጀምራችሁ በየወሩ መጨመር ትችላላችሁ። በየጭማሪው ፈተናውን ድገሙትና ውጤቱን መዝግቡ። ኮሚቴው ውስጥ ስፒከር ካልተገዛ ለሚለው ሰው የምታሳዩት ወረቀት ይህ ነው።